5/12 እና 0.42 ለምን አንድ አይደሉም?

ጥያቄ፦ «ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ክፍልፋይ፣ አስርዮሽና መቶኛ የሚል ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ እንድትሞላ ወርክሺት ተሰጣት። 5/12ን በካልኩሌተር አካፈልነው፣ 0.416666667 አለ። እሷም 0.42 ብላ ጻፈች፣ መቶኛውን ደግሞ 42%። መምህሯ ሁለቱንም ኤክስ አደረጉባት። እኔም ግራ ገባኝ፤ ማጠጋጋት ይቻል የለ እንዴ? እንዲህ የሚደጋገሙትን ያለ ስህተት እንዴት ነው የምትሞላው? ካልኩሌተሩንስ ልከልክላት?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ማጠጋጋቱን በደንብ ታውቃለች። 0.416666667 ወደ ሁለት ቦታ ሲጠጋጋ 0.42 ነው፣ ልክ ናት። ችግሩ ሠንጠረዡ የጠየቃት ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

አንድ ልጅ የቤት ስም፣ የመዝገብ ስምና የክርስትና ስም ሊኖረው ይችላል። በየትኛውም ስም ቢጠሩት የሚመጣው ያው ልጅ ነው። የሠንጠረዡ አንድ ረድፍም እንደዚያ ነው። ሦስቱ ሳጥኖች የአንድ ቁጥር ሦስት ስሞች ናቸው። ስለዚህ ከየትኛውም ሳጥን ተነስተን ወደ ሌላው ስንሄድ ያው ቁጥር መገኘት አለበት።

እስቲ የልጅዎን መልስ በዚህ እንየው። 0.42 ማለት 42/100 ነው፣ ሲቃለል 21/50። የተነሳነው ግን ከ5/12 ነበር። ሁለቱን ታህታቸው 300 እንዲሆን አድርገን ብንጽፋቸው፣ 5/12 ማለት 125/300 ሲሆን 21/50 ደግሞ 126/300 ነው። በ1/300 ይለያያሉ። ትንሽ ነው፣ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ልጅዎ የጎረቤቱን ልጅ ነው የጠራችው።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር እንስማማ። በወረቀት ላይ የሚደጋገመው አኃዝ ከላዩ ሰረዝ ይደረግበታል። እዚህ ሰረዙን መጻፍ ስለማይመቸኝ የሚደጋገመውን በቅንፍ ውስጥ አስቀምጣለሁ። 0.41(6) ካልኩ 0.41666… እያለ ያለ ማለቂያ ይቀጥላል ማለት ነው። ልጅዎ ደብተሯ ላይ ሰረዙን ትጠቀም።

ልጆቼን ሳስተምር የምጀምረው ሁላችንም ከምናውቀው አባባል ነው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይባል ነበር። ሲሶ አንድ ሦስተኛ ነው። ሦስት ሲሶ ሲደመር መሬቱ በሙሉ ይደላደላል፣ የሚተርፍ የለም። አሁን ሲሶን 33% ብለን እንጻፈው። 33 ሲደመር 33 ሲደመር 33፣ 99 ነው። ከመቶው አንዱ እጅ መሬት የት ገባ? 33.3% ብንልም 99.9 ይሆናል፣ 33.33% ብንልም 99.99። የፈለግነውን ያህል 3 ብንደረድርም፣ ቆም ባልን ቁጥር የሆነ ቁራጭ መሬት ይጠፋል። 33 1/3% ብለን ስንጽፍ ግን መሬቱ ሞላ። ይህን ያየ ልጅ «ትክክለኛ» እና «የተጠጋጋ» የሚሉት ቃላት ምን እንደሆኑ ዳግም አይጠይቅም።

በተቃራኒው የሚተርፍበትም አለ። አንድ ድፎ ዳቦ ለስድስት ሰው እኩል ይቆረስ። እያንዳንዱ 1/6 ይደርሰዋል። ልጆች ይህን 17% ብለው ይጽፋሉ። ስድስት ጊዜ 17 ግን 102 ነው። ከአንድ ዳቦ 102% ማውጣት አይቻልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። 5/12ን ያለ ካልኩሌተር፣ በረጅሙ ማካፈያ እናካፍለው። ዓይናችንን ግን ድርሻው ላይ ሳይሆን ቀሪው ላይ እናድርግ። ቁልፉ ያለው እዚያ ነው።

5 ለ12 አይበቃም፣ ስለዚህ 0 እና ነጥብ እናስቀምጣለን።

50 ÷ 12 = 4፣ ቀሪ 2
20 ÷ 12 = 1፣ ቀሪ 8
80 ÷ 12 = 6፣ ቀሪ 8

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ቀሪው 8 ነበር፣ አሁንም 8 ሆነ። ቀጥሎ 80ን ለ12 ማካፈላችን አይቀርም፣ እሱም 6 ይሰጥና 8 ያስቀራል። ከዚያም እንደገና። መቶ ጊዜ ብናካፍል ሌላ ነገር አይመጣም። ስለዚህ መልሱ 0.41(6) ነው፣ ሰረዙም 6 ላይ ብቻ ያርፋል። 4 እና 1 አይደጋገሙም።

ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ድርሻውን ነው። «ሦስት ጊዜ 6 መጣ፣ ስለዚህ ይደጋገማል» ይላሉ። ይህ ግምት ነው፣ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ያሳስታል። ቀሪው ሲደገም ግን ማረጋገጫ ነው። የማካፈሉን ሥራ እዚያው ማቆም ይቻላል፣ እዚያው ማቆምም አለባት። ልጅዎ በየመስመሩ ቀሪውን በእርሳስ ትክበበው። ቀድሞ የተከበበ ቁጥር ዳግም ሲመጣ እርሳሷን ታስቀምጥ።

በዚህ መንገድ የሚያስፈራ የሚመስለው 3/7ም ቀላል ነው። ቀሪዎቹ በተራ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1፣ 3 ናቸው። 3 ደግሞ የተነሳንበት ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ዙሩ ሞላ። መልሱ 0.(428571)። ለ7 ስናካፍል ከ1 እስከ 6 ካሉት ውጭ ቀሪ ሊኖር ስለማይችል፣ ከስድስት አኃዝ በላይ ሳይደገም ሊሄድ አይችልም። ይህን የነገርኳቸው ልጆች ማካፈሉ ማለቂያ የሌለው ነገር ነው የሚለው ፍርሃታቸው ወዲያው ይለቃቸዋል።

አሁን መቶኛው። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ልጅዋ አስርዮሹን አጠጋግታ ትጽፋለች፣ ከዚያ መቶኛውን ከተጠጋጋው አስርዮሽ ታወጣለች። በልጅዎ ወረቀት ላይ የሆነው ይኸው ነው። 0.42 ከተጻፈ በኋላ 42% መምጣቱ አይቀሬ ነበር። አንዱ ስህተት ሁለት ኤክስ አመጣ። ስለዚህ ሕጓ ይህ ይሁን፦ ከተጠጋጋ ሳጥን ሌላ ሳጥን አይሞላም። መቶኛው ሁልጊዜ ከክፍልፋዩ ይውጣ።

ደግነቱ አዲስ ሥራ አያስፈልግም። ያንኑ ማካፈል እንመልከተው። ሁለት አኃዝ ካወጣን በኋላ ድርሻችን 41 ነበር፣ ቀሪው 8። ሁለት አኃዝ ማለት መቶኛ ነው። ስለዚህ 41% ሙሉ አግኝተናል፣ የተረፈው 8 ደግሞ ገና ለ12 አልተካፈለም። እሱን 8/12 ብለን እናስቀምጠው፣ ሲቃለል 2/3። መቶኛው 41 2/3% ነው፣ አለቀ። ለማረጋገጥ 5 × 100 = 500፣ 500 ÷ 12 = 41 ቀሪ 8። ያው ነው።

በአንድ ማካፈል ሁለት ሳጥን ተሞላ ማለት ነው። ከሁለተኛው አኃዝ በኋላ ያለውን ቀሪ መቶኛው ይወስደዋል፣ የሚደገመውን ቀሪ ደግሞ አስርዮሹ። ለ3/7 ሁለተኛው ቀሪ 6 ነበር፤ ስለዚህ 42 6/7%። ለ1/6 ደግሞ 16 ቀሪ 4፤ ስለዚህ 16 4/6፣ ማለትም 16 2/3%። የዳቦው ቁራሽ አሁን ስድስት ጊዜ ሲደመር ልክ 100 ይመጣል።

አንዳንድ መምህር ድብልቅ ቁጥሩን ሳይሆን መቶኛውንም በሰረዝ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ነጥቡ ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የሚደጋገመው ግን መደጋገሙን አይተውም። 0.41(6) የነበረው 41.(6)% ይሆናል። 2/11ን ይዩት። አስርዮሹ 0.(18) ነው። ነጥቡ ሁለት ቦታ ሲዘል ልጆች 18% ብለው ይጨርሱታል፣ ሰረዙ ያለቀ ይመስላቸዋል። ግን ከ18 በኋላ ሌላ 18፣ ከሱም በኋላ ሌላ 18 ነበር። መልሱ 18.(18)% ነው። ይህን ለማስቀረት አንድ ልማድ አለኝ። ነጥቡን ከማንቀሳቀሴ በፊት ሰረዙን አጥፍቼ አኃዞቹን በረጅሙ እዘረጋቸዋለሁ፣ 0.181818… ብዬ። ከዚያ ነጥቡን አዛውራለሁ፣ 18.1818…፣ በመጨረሻ ሰረዙን መልሼ አስቀምጣለሁ። 3/7 ላይ ደግሞ ሰረዙ ሥር ያለው ራሱ ይለወጣል፣ 42.(857142)% ይሆናል። አኃዞቹ ያው ስድስቱ ናቸው፣ ዙሩ የሚጀምርበት ቦታ ነው የተቀየረው። በረጅሙ ካልዘረጉት ይህ አይታይም።

ሠንጠረዡ ከአስርዮሽ ተነስቶ ክፍልፋዩን የሚጠይቅበት ረድፍም ይኖራል። ለምሳሌ 0.2(7) ተሰጥቶ ክፍልፋዩ ባዶ ነው እንበል። የሚያልቅ አስርዮሽ ቢሆን ለ10 ወይም ለ100 ሰጥተን እንጨርሰው ነበር። ይህ ግን አያልቅም፣ ስለዚህ ጭራውን መቁረጥ አለብን። የምንቆርጠው ተመሳሳይ ጭራ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች በመቀናነስ ነው።

x = 0.2777…
100x = 27.777…
10x = 2.777…
90x = 25
x = 25/90 = 5/18

100x እና 10x ከነጥብ በኋላ ያላቸው ነገር ፍጹም አንድ ነው፣ 777…። ሲቀናነሱ ጭራው ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ ቀረ። ለምን 100 እና 10 መረጥን? አንዱ ነጥቡን ከመጀመሪያው 7 ፊት ያደርሰዋል፣ ሌላው አንድ ዙር ያሳልፈዋል። ይህ ከገባት ሌላ ሕግ መሸምደድ አያስፈልጋትም።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት «ሁለት አኃዝ ስለሆነ ለ99» ማለት ነው። 27/99 ሲቃለል 3/11 ነው፣ እሱም 0.(27)፣ ማለትም 0.272727…። የተሰጠው ግን 0.2777… ነበር። ለ99 የሚሰጠው ሁለቱም አኃዝ ሲደጋገሙ ብቻ ነው። መልሷን እንድትፈትሽ 5ን ለ18 ታካፍል። 50 ለ18፣ 2 ቀሪ 14። 140 ለ18፣ 7 ቀሪ 14። ቀሪው ተደገመ፣ 0.2(7) ተመለሰ። መቶኛውም እዚያው አለ፣ 27 14/18፣ ማለትም 27 7/9%።

ከመቶኛ ሲነሱም እንዲሁ ነው። 8 1/3% ከተሰጠ አስርዮሹን አትፈልግ፣ መጀመሪያ ወደ ክፍልፋይ ትሂድ። 8 1/3 ማለት 25/3 ነው። መቶኛ ማለት ለመቶ መካፈል ነው፣ ስለዚህ 25/300፣ ሲቃለል 1/12። ከ1/12 ተነስታ ታካፍል፣ 0.08(3) ይመጣል። 8.13 ብለው የሚጽፉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ፣ 1/3ን እንደ 13 አንብበውት።

ስለ ማጠጋጋት ልመለስ። ወርክሺቱ «ወደ ሁለት የአስርዮሽ ቦታ አጠጋጉ» ካለ ማጠጋጋት ግዴታ ነው፣ ያኔ 0.42 ሙሉ ማርክ ያሰጣል። ግን መሐላቸው የሚገባው ምልክት = ሳይሆን ≈ ነው። 5/12 ≈ 0.42 እውነት ነው፣ 5/12 = 0.42 ውሸት። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ካልተጻፈ ትክክለኛውን መጻፍ ነው። መምህሩ የሚፈልጉት ካልታወቀ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ትክክለኛውን ጽፋ፣ በጎኑ ≈ አድርጋ የተጠጋጋውን ብታስቀምጥ ማንም አይቀጣትም።

የሚጠጋጋ ከሆነም አንዴ ብቻ፣ እሱም ከትክክለኛው ቁጥር ላይ ይሁን። ለምን እንደሆነ 5/11 ያሳየናል። እሱ 0.(45) ነው፣ 0.454545…። አንድ ተማሪዬ መጀመሪያ ወደ ሦስት ቦታ አጠጋጋውና 0.455 አለ። ትክክል ነው። ቀጥሎ መቶኛውን በሙሉ ቁጥር ሲጠየቅ ከ0.455 ተነስቶ 46% ጻፈ። ሲጠጋጋ 5 ወደ ላይ ይገፋል፣ ስለዚህ የሠራው ስህተት አይመስልም። ግን ከመጀመሪያው ቁጥር ቢነሳ 45.4545…% ነው፣ ከ45 በኋላ ያለው 4 ነው፣ መልሱም 45%። ልጁ ሁለቱንም እርምጃ በሕጉ ሠርቶ ተሳሳተ፣ ምክንያቱም ሁለተኛውን እርምጃ የተጠጋጋ ቁጥር ላይ ሠራው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳሳየው ለአፍታ ዝም አለና «ስለዚህ 0.455 ውሸቱን ደብቆብኛል» አለኝ። በትክክል ገብቶታል።

ማካፈል ከመጀመሯ በፊት ደግሞ ክፍልፋዩን ታቃልል። ታህቱ 12 ስለሆነ ብቻ ይደጋገማል ማለት አይደለም። 3/12 ሲቃለል 1/4 ነው፣ 0.25 ሆኖ ያልቃል። ከተቃለለ በኋላ ታህቱ ከ2 እና ከ5 ብዜት ብቻ የተሠራ ከሆነ ያልቃል፣ ሌላ ነገር ከገባበት ይደጋገማል። 12 ውስጥ 3 አለች፣ የ5/12 መደጋገም ከሷ የመጣ ነው። ይህን በጨረፍታ ያየች ልጅ የትኛው ረድፍ ላይ ሰረዝ እንደምትጠብቅ ገና ሳታካፍል ታውቃለች።

ካልኩሌተሩን አይከልክሏት፣ ግን የሚነግራትን ማንበብ ትማር። 0.416666667 መጨረሻ ላይ ያለው 7 የቁጥሩ አካል አይደለም። ማሽኑ ቦታ ሲያልቅበት የመጨረሻዋን 6 ወደ ላይ አጠጋጋት። አንዳንዱ ባለ ስምንት አኃዝ ርካሽ ካልኩሌተር ደግሞ ሳያጠጋጋ ይቆርጣል፣ 0.4166666 ይላል። ይህን ቁጥር እንደገና አስገብተው በ12 ቢያባዙት 4.9999992 ይሰጣል እንጂ 5 አይመጣም። ሁለት ካልኩሌተር ሁለት የተለያየ ጭራ ካሳየ፣ ቢያንስ አንዱ ቁጥሩን ሙሉ አላሳየም ማለት ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ የምፈቅደው እንዲህ ነው። በእጅ ያካፍላሉ፣ ቀሪውን ይከብባሉ፣ ሰረዙን ያስቀምጣሉ። ከዚያ ካልኩሌተሩን ያወጡና የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት አኃዞች ያመሳክራሉ። የመጨረሻዋን አኃዝ አያምኗትም። ተገላቢጦሹ፣ ማለትም ከስክሪኑ ላይ ዙሩን መፈለግ፣ የሚሠራው ዙሩ አጭር ሲሆን ብቻ ነው። 1/17ን ብታስገባ 0.058823529 የመሰለ ነገር ይመጣል፣ ምንም የሚደጋገም አይታይም። ይደጋገማል ግን፣ ዙሩ አሥራ ስድስት አኃዝ ነው፦ 0.(0588235294117647)። ስክሪኑ አንዱን ዙር እንኳ በሙሉ አይይዘውም። በእርሳስ ግን ከአሥራ ስድስት መስመር በኋላ ቀሪው ተመልሶ 1 ይሆናል፣ ልጅቷም እዚያው ታቆማለች።